ጮክ ብሎ የተነበበ መልእክት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አማርኛ አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እኔን መቅጠራቸው እስካሁን ይገርመኛል። እኔ እኮ ሰላምታ ጀምሬ እስክጨርስ ሻዬ የሚቀዘቅዝብኝ ሰውዬ ነኝ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች ክሊኒኩ በየጠዋቱ የስልክ መልእክት ሊልክ ነበር። በቁጥር ሲመልሱ የሚልከው ማሽን ራሱ ተገቢውን መልስ ይሰጣል። ስልኮቹ ባለ ቁልፍ ናቸው፤ ኢንተርኔት የላቸውም። በፊደላችን አንድ መልእክት ሰባ ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ክፍተቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ካለፈ ለሁለት ይቆረጣል፤ ኔትወርክ በደከመ ቀን ደግሞ ጭራው ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

"አባባ፣ ያችን 'እንደምን ሰነበቱ' ያውጡልኝ" አለች የክሊኒኩ ነርስ።

አወጣሁት። ጥርስ እንደ መንቀል ነበር፤ ያውም የቀሩኝ ጥቂት ናቸው። በመጨረሻ ይህ ቀረ፦

"የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትዎን ዛሬ ከቁርስ በፊት ሳይረሱ ይውሰዱ። ከወሰዱ 1፣ ካመመዎት 2 ይላኩ።"

አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። ሁላችንም ወደድነው።

ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጥ የጎንደር ሴት ነበረች፤ ደንበኛዋ ነበርሁ። ፊደል አልቆጠረችም። መልእክት ሲመጣላት፣ በዚያ አገር እንደ ልማዱ፣ ስልኩን ማንበብ ለሚችል ትሰጣለች፤ አንባቢውም ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ያነባል። መልእክቱ መላክ በጀመረበት ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

"እስቲ አንብቡልኝ፣ ከሰላ ያለችው እህቴ ትሆናለች።"

እኔ ግንባሬ ላይ ያለውን መነጽር ኪሴ ውስጥ ስፈልግ አንድ የሰሊጥ ተሸካሚ ስልኩን ተቀበላት።

"የሳንባ ነቀርሳ..." ሲል የራሴን ቃል አወቅሁት።

"ተው አንተ! የተሳሳተ ቁጥር ነው!" አልሁት።

"ወላሂ አባባ፣ የሷው ስልክ ነው!"

ሻይ ጠጪዎቹ ብርጭቆአቸውን እያስቀመጡ ተነሡ።

"ሐኪሙ አሁን በሽታውን አታስተላልፊም ብሎኛል" አለች ቀስ ብላ። የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

"ሌላ ሻይ ቅጂልኝ፤ ስኳሩን አትሰስቺ።"

"ይሂዱ አባባ፤ ይፈራሉ እርስዎም።"

"ሞት እኔን ሲያይ 'ይሄማ የትም አይሄድም' እያለ ያልፈኛል።"

አልሳቀችም። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጥባ ሰጠችኝ።

የዚያኑ ቀን ከነርሷ ጋር ተቀምጠን የበሽታውን ስም አወጣነው፤ "መድኃኒት" የሚለውንም። "ዛሬም አይርሱ። ከወሰዱ 1፣ ካመመዎት 2 ይላኩ።" ማን ጮክ ብሎ ቢያነበው ማንም ምንም አይገባውም።

ሻይዋን የሚጠጣ ግን ጠፋ። በሳምንቱ ቦታዋ ባዶ ሆነ፤ ሕመሟ ወዳልተሰማበት፣ ወደ እህቷ ከተማ ወደ ከሰላ ሄደች አሉ። ነርሷ እዚያ ላለው ክሊኒክ ደወለች፤ እኛ ጋ አልመጣችም አሏት። በእጇ ያለው መድኃኒት ግን ገና አላለቀም ነበር፤ በየጠዋቱ "1" ይመጣ ነበር። እኔም ማሽኑ ፊት ቁጭ ብዬ እጠብቀው ጀመር፤ በዚህ ዕድሜዬ ከአንድ ቁጥር ጋር ፍቅር ያዘኝ።

አንድ ቀን "1" ሳይመጣ ቀረ። በማግሥቱም አልመጣ።

"ቁጥር ቀይራ ነው" አልኋት ነርሷን። መዝገቡን ገልጣ መድኃኒቷ የሚያልቅበትን ቀን በጣቷ አሳየችኝ።

ነርሷን ለምኜ ለሻይ ሻጯ ስልክ ብቻ "እንደምን ሰነበቱ" የሚለውን አስመለስሁ። የበሽታው ስም ከወጣ ወዲህ ቦታ ተርፎ ነበር።