ቅናሽ የገባበት ማር

አሰለፈች ብዙ መናገር አትወድም። ማር ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ደንበኛው የሚያምነው ምላሱን እንጂ የሻጩን አፍ አይደለም። ቦንጋ ገበያ መውጫ ላይ ያለችው ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ዝናብ ይጠግባል። ውስጧ ያሉት ክዳናቸው የተጠበቀ ባልዲዎች፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የእንጨት ጭልፋና በብርጭቆ የቆሙ የሻይ ማንኪያዎች ናቸው።

ማንኪያዎቹ ለሻይ አይደሉም። በዚያች ሱቅ ሳይቀምስ ማር የሚገዛ ሰው የለም። ከአውቶቡስ ወርዶ ጥሩምባ እየተነፋበት የሚቸኩል መንገደኛ እንኳ «አምንሻለሁ፣ ስፈሪልኝ» ሲላት ማንኪያ ታቀብለዋለች።

«አሁን ቅመስ። ቤትህ ገብተህ እንዳትጠረጥረኝ» ትለዋለች።

ይህን ልማድ ያመጣችው ከማንም ተምራ አይደለም። አባቷ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እናቷ የካፋ ሰው ነበሩ። ባሏ ሲሞትባት ከልጇ ከአብርሆት ጋር ብቻዋን ቀረች፣ ማር መነገድም ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጋሽ ተድላ የሚባሉ የደካ አካባቢ ንብ አርቢ አንድ ባልዲ ነጭ ማር ይዘው መጡ። ቀመሰችና «ይኼ ሳይደርስ ነው የተቆረጠው፤ ውኃ ውኃ ይላል» አለቻቸው። ጋሽ ተድላ ባልዲያቸውን ከድነው ተቆጥተው ሄዱ። እሷም ካፏ የወጣውን ቃል እየረገመች ዋለች። በቀጣዩ ወቅት ግን እኒያው ሰው ከዛፍ ላይ በደንብ በስሎ የወረደ ማር ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ሸጠው አያውቁም። ሰው ሰውን የሚያምነው በምስጋና ይመስለናል። እነዚህ ሁለቱ የተማመኑት በነቀፌታ ነው።

ዘንድሮ ሱቋ አሥር ዓመት ሞላት። ይህን ያስታወሰችው አብርሆት ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ስለሆነች የእናቷን ሱቅ የፌስቡክ ገጽ የምታንቀሳቅሰውም እሷ ናት። ከሱቁ ደጅ እናቷን ፎቶ አንስታ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እንኳን ደስ አላችሁ! አሰለፈች ማር መሸጫ የተመሠረተበትን ፲ኛ ዓመት በድምቀት እያከበረ ይገኛል። ላለፉት ዓመታት ከጎናችን ላልተለያችሁ ውድ ደንበኞቻችን ያለንን ላቅ ያለ ምስጋና እየገለጽን፣ ታዋቂው ንብ አርቢ ጋሽ ተድላ ከደካ የሚያቀርቡልንን ንጹሕ ማር ለአንድ ሳምንት ብቻ በአሥር በመቶ ቅናሽ ያቀረብን መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።»

ሳትለጥፈው በፊት ለእናቷ አነበበችላት። አሰለፈች ስሟን ስትሰማ ደስ አላት፤ የጋሽ ተድላን ስም ስትሰማ ይበልጥ ደስ አላት። የቀረውን እንደ ዜና አሳልፋ ሰማችው። «ጥሩ ነው፣ ልቀቂው» አለች። ስለዚህ ጥፋቱ የልጅቱ ብቻ ነው የሚል ካለ የእናትየውን ድርሻ እየዘለለ ነው።

ጽሑፉ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ልብ የሰጡ ነበሩ፤ «ይደግ» ያሉ ነበሩ። ከዚያ አንዱ ቀልደኛ ከሥር «ስንት ኪሎ ስኳር ገባበት?» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ስኳርማ ራሱ ተወዷል፣ የአምናውን ሊያራግፉ ነው» ሲል መለሰለት። ሳቁ ከምስጋናው በለጠ።

አሰለፈች ስልክ ላይ የሚሳቀውን አላየችም። ያየችው ደጇን ነው። የሚገባው ሰው ቀነሰ። የገባውም ማንኪያውን ከወትሮው አስረዝሞ ይልሳል፤ ባልዲውን ወደ ብርሃን ያስጠጋል፤ «ይኼ የዘንድሮ ነው?» ይላል፤ ከዚያ «እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ቦንጋ ውስጥ «እመለሳለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ያውቀዋል።

እትዬ የሻረግ እንኳን አልገቡም። እትዬ የሻረግ ለሠርግና ለማኅበር ጠጅ የሚጥሉ ሴት ናቸው። ማር የሚገዙት ከሰፈፉ ጋር ነው፤ የሚገዙትም ከአሰለፈች ብቻ ነው። ስኳር የነካው ማር ጠጃቸውን አበላሽቶ በሰው ድግስ መሐል እንዳያዋርዳቸው አጥብቀው ይፈራሉ። በገበያ ቀን ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በሱቁ ፊት ቀጥ ብለው አለፉ። ሰላምታ አልነሱም፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሥተዋል። አሰለፈችን ያቃጠላት ይኸው ነው፤ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ተድላ መጡ። ወቅቱ አዲሱ ማር የሚወርድበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ቀድመው አስረክበዋል፤ ዛሬ ግን ባዶ እጃቸውን ናቸው። አብርሆት እንደ አጋጣሚ ከሱቁ ነበረች። ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አሰለፈች፣ ማሬ ታሟል?» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሽ ተድላ?»

«እኔ አላልኩም። ስልክ ነው ያለው። የወንድሜ ልጅ አነበበልኝ። ስሜ አለ፣ ከስሜ ቀጥሎ ቅናሽ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሰዎች ጠየቁኝ፤ ‹ተድላ፣ ዘንድሮ ቀፎህ ዝናብ ገባበት ወይ› አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።»

አብርሆት ፊቷ ቀላ። «ጋሽ ተድላ፣ ቅናሹ'ኮ ለበዓሉ ነው። ደንበኛ ማመስገኛ ነው። ሁሉም ድርጅት እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ጫማ ይቀንሳል። ስልክም ይቀንሳል» አሉ ጋሽ ተድላ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ማር ምን ሲሆን ነው የሚቀንስ?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

«ዋጫ ከተማ አንድ ነጋዴ አለ፤ በየዓመቱ ይለምነኛል። የዘንድሮውን ቀሪ ለሱ ልሰጥ ነው። ሳልነግርሽ መሄድ ነውር ነው ብዬ መጣሁ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአፉን እንኳ የሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ ይኼኛው የጽሑፉ ግን ደካ ድረስ ሄዶ ጋሽ ተድላን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቋቸዋል። አሰለፈች ይህን እያሰበች ጭልፋውን በጨርቅ ትወለውላለች፤ የተወለወለውን መልሳ ትወለውላለች። የፈራችው ማሩ እንዳይቀርባት ብቻ አይደለም። እኒህ ሰው ከሄዱ፣ አሥር ዓመት ሙሉ «ቅመስ» ያለችው ሁሉ ውሸት ሊመስል ነው።

«እስከ ቅዳሜ ይቆዩልኝ» አለቻቸው በመጨረሻ። «እትዬ የሻረግ ቅዳሜ ካልመጡ፣ ለዋጫው ይስጡ። አልቀየምዎትም።»

ጋሽ ተድላ አሰቡ። ቦንጋ የሚኖር ወንድም አላቸው፤ ማደሪያ አይቸገሩም። «እስከ ቅዳሜ» አሉና ወጡ።

አብርሆት ወዲያው ስልኳን አወጣች። «አጠፋዋለሁ፣ እማዬ።»

«አጥፊው።»

አብርሆት ጣቷን ስልኩ ላይ እንደያዘች ቆመች። «አይ፣ ካጠፋሁት ‹ተነቃባቸው፣ ሸሹ› ነው የሚሉት። ያየው ሰው አይቶታል። እዚያው፣ በዚያው ፎቶ ሥር ነው መታረም ያለበት። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ። እንደ መሥሪያ ቤት አላሳምረውም።»

አሰለፈች በሕይወቷ ያን ያህል የተናገረችበት ቀን የለም። ገበያተኛ ሲገዛ የሚለምነው ቅናሽ አይደለም፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ «መርቂልኝ» ይላል፤ ሻጭም ከሚዛኑ በላይ ትንሽ ይጨምራል። ዋጋው ሳይዋረድ እጅ ይሰፋል። ይህን እያወቀች እንዴት አሥር በመቶ ሲባል ዝም እንዳለች ለራሷም ገረማት። አብርሆት እየሰማች ጻፈች፤ የረዘመውን አሳጠረች፤ ቀኑንና ገደቡን እንዳትረሳ አስታወሰቻት። የተለጠፈው ይህ ነው፦

«አሥር ዓመት ሞላን። እናንተ ቀምሳችሁ ገዛችሁ፣ ያልጣማችሁን ነገራችሁን፤ ያቆየን ይኼ ነው፣ እናመሰግናለን። በፊት ቅናሽ ብለን የጻፍነው የኛ ስሕተት ነው። ማሩ የዘንድሮ ነው፤ የጋሽ ተድላ ነው፤ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ዋጋውም ያው ነው። ቅዳሜ መጥቶ ቀምሶ ለገዛ ሁሉ በየኪሎው ላይ አንድ ጭልፋ ምርቃት እንጨምራለን። ያለን ማር እስኪያልቅ ነው። አሰለፈች።»

በቅናሹ ዋጋ ልግዛ ብሎ የሚመጣ ካለ እስከ ሳምንቱ ማብቂያ በተጻፈው ዋጋ እንዲሰጠው ተስማሙ፤ የተነገረ ቃል ነውና። ያንኑ ጽሑፍ አብርሆት በትልልቅ ፊደል አትማ በሩ ላይ ለጠፈችው። እትዬ የሻረግ ስልካቸው ለመደወል ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዝናቡ ረፋድ ላይ አባራ። ጋሽ ተድላ ቀድመው መጥተው በሩ ጥግ ተቀመጡ፤ የሚገባውን ያያሉ። ያ ፌስቡክ ላይ የቀለደው ሰውዬም መጣ፤ ማን እንደሆነ ያወቀችው አብርሆት ብቻ ነበረች። ቀመሰ፣ ገዛ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌሎችም ገቡ። አሰለፈች ትሰፍራለች፤ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነው። እኩለ ቀን አለፈ። ጋሽ ተድላ አንድ ጊዜ ተነሥተው ሰማዩን አይተው ተመለሱ።

እትዬ የሻረግ የመጡት ገበያው ሊፈታ ሲል ነው። በሩ ላይ ቆመው የተለጠፈውን ወረቀት አዩና የሚያልፍ ተማሪ ጠርተው አስነበቡት። «ድገመው» አሉት፤ ደገመው። ከዚያ ገቡ።

«ማንኪያ» አሉ።

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣበቁ፤ ቆዩ። ማንኪያውን ገልብጠው ጀርባውን ላሱ። ጋሽ ተድላ ከጥጉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ባልዲውን ሙዪው» አሉ እትዬ የሻረግ።

ዋጋ አልጠየቁም። አሰለፈች ሰፈረች፤ መዘነች፤ ከዚያ ምርቃቱን በየኪሎው ልክ ከላይ አፈሰሰች። ክዳኑን ልትገጥም ስትል እትዬ የሻረግ እጃቸውን ባልዲው አፍ ላይ ጣል አደረጉ።

«ቆይ እስቲ፣ አንቺ። ይቺ ናት የአሥር ዓመት ምርቃት? ጭልፋሽን አሳነስሽው ልበል? እንዲህማ ከሆነ የት ሄጄ እንደምገዛ አውቃለሁ።»

አሰለፈች ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ሰው በትሕትና ሲሸሻት ከርሞ፣ ይኸው አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቆጣት።

የመለሱት ከጥጉ ጋሽ ተድላ ናቸው።

«ጨምሪላት» አሉ። «የዘንድሮው ቀሪ ወንድሜ ቤት ነው ያለው። ይዤው ነው የመጣሁ።»

አሰለፈች ጭልፋውን መልሳ ነከረች።