ጥለቱ ወደ አንገት፣ እንባው በግራ ዓይን

በጣልያን ጊዜ መተማ ላይ ሲኒማ ሊያነሱ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ግጥሞቼ እራት አያበሉኝም ነበርና፣ ከጎንደር ሱቆች በለቃቀምኳት ጣልያንኛ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። የደረሰችኝ አለቃ ከካሜራው ጎን ዱካ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የምትጽፍ ቀጭን ሴትዮ ነበረች።

ሥራዋን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ነገር መጀመሪያ ከሩቅ ይነሳል፤ ከዚያ ያው ነገር እንደገና ከቅርብ ይነሳል። ሮማ ያለው ፊልም ቆራጭ ሁለቱን ሲገጣጥም፣ ከሩቅ በቀኝ እጅ የተያዘው ጦር ከቅርብ በግራ ከተገኘ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ሴትዮዋ ሁሉን ትጽፋለች፦ ከየቀረጻው በፊት የሚመታውን ሰሌዳ ቁጥር፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ፣ የፊልሙ አዘጋጅ የትኛውን እንደወደደ፣ ማን ወዴት እያየ እጁን መቼ እንዳነሳ። ፊልሙ ሳይታጠብ ወደ ሮማ ስለሚላክ መተማ ላይ ማንም መልሶ ሊያየው አይችልም። «የተነሳ ነገር ሕግ ነው» ትለኝ ነበር፣ እንደ ፍትሐ ነገሥት።

የዚያን ቀን ከጓንግ ወንዝ ዳር የሚነሳው የደስታ ትዕይንት ነበር። የቆላው ሕዝብ ደስ ብሎት ይገብራል፤ አንድ ሽማግሌ ከፊት ወጥተው ጎራዴያቸውን ለጣልያኑ መኮንን ያስረክባሉ። ሰዉን ከየመንደሩ የሰበሰበው ለጣልያን ያደሩት የአስካሪ ወታደሮች አለቃ፣ ሹምባሹ ነው። ሽማግሌውን የመረጣቸው ለጢማቸው ሲል ነበር። ልጃቸው ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ በዚያው ሰሞን መገደሉን አልጠየቀም። ጣልያኖች ሽፍታ ላሉት ሟች ሙሾ ማውረድ ክልክል ነው። ሽማግሌው ግን ኩታቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው መጡ። ከለቅሶው የተረፈቻቸው ያቺ ምልክት ብቻ ነበረች።

ከሩቅ ተነሳ። ጣልያኖቹ የጥለትን ላይና ታች ከየት ያውቃሉ? ሹምባሹም ሰው ሲያሰልፍ ሳያይ ቀረ።

ያየው ካሜራው ከቅርብ ሲተከል ነው።

«አንተ ሽማግሌ! ለማን ነው የዘቀዘቅኸው?»

«ለሙቀቱ» አሉ።

«መተማ የሞቀው ዛሬ ነው? ገልብጥ! እስር ቤቱ ከዚህ ይብሳል።»

ሽማግሌው ገለበጡ። ከኋላቸው የቆሙ ሁለት ጎረቤቶችም፣ አብረዋቸው ዘቅዝቀው ነበርና፣ ሳይነገራቸው ገለበጡ።

ሰሌዳው ሊመታ ሲል ሴትዮዋ «ቁም!» ብላ ጮኸች። ወረቀቷ ላይ በእርሳስ የሳለችው ትንሽ ሰው ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው።

«ልብሱን ማን ነካው?»

«ሹምባሹ» አልኩ።

«ለምን?»

ሹምባሹ አየኝ። ጣልያንኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ግን ምክንያቱን ከተናገረ፣ የሽፍታ አባት መርጦ ከፊት ያቆመ ማን ነው ሊባል ነው።

«እንዲያምር ብሎ ነው» አልኳት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ሹምባሽ ተዋናይ የሚያለብሰው?» ብላ ለአዘጋጁ አቤት አለች። አዘጋጁ ፀሐይ እያመለጠችው ነበር፤ «እንደነበረ መልስ!» ብሎ አምባረቀበት። ሹምባሹም በገዛ እጁ የሽማግሌውን ኩታ ዘቀዘቀላቸው። ሴትዮዋ ቀርባ አንገታቸው ላይ አስተካከለችው፤ የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዲያ አይጠነቀቅም። ከዚያ ወረቀቷን አየችና ወደ ጎረቤቶቹ ጠቆመች፦ «እነዚህም!»

«እኔስ ጀላቢያዬን ልገልብጥ?» አለ ከሰልፉ ዳር አንድ ነጋዴ። ሹምባሹ ብቻ አልሳቀም።

ተነሳ። ጎራዴው ከእጃቸው ሲለቅ የሽማግሌው እንባ ወረደ። አዘጋጁ ከደስታ ብዛት መስሎት «ግሩም!» አለ። ሴትዮዋ ጻፈች፦ ጥለት ወደ አንገት፤ እንባ በግራ ዓይን፣ ጎራዴው ሲለቅ።

አሁን ያው ነገር ከጎን ሊነሳ ነው። «ከጎንም ማልቀስ አለባቸው በላቸው፤ አለዚያ አይገጥምም» ብላ ላከችኝ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደገና እንዲያለቅሱ ታዘዋል።»

ቀና ብለው ሹምባሹን አዩት። «እሱም ሰምቷል?»

«ሰምቷል።»

«እንግዲያ ምን ገዶኝ፣ ልጄ።»

ሰሌዳው ተመታ። ድምፁ ኋላ ሮማ የሚጨመር ስለሆነ ጸጥታ የሚያዝ አልነበረም፤ ሽማግሌው ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ፣ እንደ ወጉ ጮክ ብለው አለቀሱ። ከኋላ ያሉት ተቀበሏቸው። ሹምባሹ በተጠንቀቅ ቆሟል።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «ከቅርብ ሲነሳ አፋቸው ዝግ ነበር። ይደገም!»

ሽማግሌው ይህን ስተረጉምላቸው ጎራዴያቸውን ከመኮንኑ ተቀብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዳግመኛም አፋቸውን አልዘጉም። አሁንም ይደገም ተባለ። ፀሐይዋ ገላባት ማዶ እስክትገባ፣ በመንግሥት ትእዛዝ፣ ልጃቸውን አለቀሱት።