ፀሐይ የበላው ሮስተር

ደስ ይበላችሁ፣ ተነበበ! ባዮሎጂውም ተነበበ፣ ኬሚስትሪውም ተነበበ። ማኅተም አርፎበታል፣ ሦስት ፊርማ ወርዶበታል። የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ትንፋሼን ብቻ ልሰብስብ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ጫፍ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ካለች ጠባብ ክፍል ነው። በሯ ላይ «ሪከርድ» ይላል። ውስጧ የምትሠራውን ሴት መምህራኑ «እትዬ ማኅተም» ይሏታል፤ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥታ፣ እስትንፋሷን ሁለት ጊዜ እፍ ብላበት፣ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፈው ጠረጴዛው ስለሚጮኽ ነው። ሰው ወደ ክፍሏ አይገባም። ፍርግርግ ባለው መስኮት ሥር ወረቀት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፤ ባለጉዳይ እጁን በእሷ ይሰዳል፣ ወረቀቱን ይወስዳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ እትዬ ማኅተም አብዛኛውን ሰው የምታውቀው በእጁ ነበር። ኖራ የነካው እጅ፣ ቀለበት የጠበበው እጅ፣ ጥፍሩን የበላ እጅ። ፊት ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ወገቧ ደግሞ ከእናቷ የመጨረሻ ሕመም ጀምሮ፣ አንሥታ ስታስተኛ ስታስቀምጥ፣ እንደ ልቧ አይታዘዝላትም።

እናቷ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋባት። ማታ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። አንድ ቀን ሬዲዮኑ ባትሪ ጨርሶ ዝም ሲል «ምነው፣ ምን አስቀየምኩህ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ራሷ ሳቀች። ሳቋ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስባት ግን ደነገጠች።

በዚህ መሃል አንዲት እጅ በቀዳዳዋ ገባች። ለስላሳ፣ ግን ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ።

«እትዬ፣ ትራንስክሪፕት ፈልጌ ነበር።»

«የስንተኛ ክፍል?»

«የአሥረኛ። የአዋላጅነት ሥልጠና ልመዘገብ ነው። ካርዴን ቤታችን ሲያፈስ ውኃ በላው። ከአክስቴ ጋር ልብስ እየሰፋሁ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።»

እትዬ ማኅተም ዓመቱን ጠይቃ ወንበር ላይ ወጣች፣ የዚያን ዓመት ሮስተር ከመደርደሪያው አወረደች። ሮስተር የሚሉት የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ስም ከነውጤታቸው በሠንጠረዥ የሰፈረበት ሰፊ ወረቀት ነው፤ ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ ውጤቱ የሚገለበጠው ከእሱ ነው። ዘረጋችውና ክው አለች። ዳርና ዳሩ ደህና ነው፤ ስሙም ይታያል፣ ድምሩም ይታያል። መሃሉ ግን ነጥቷል። የዚያን ጊዜው የክፍል ኃላፊ መምህር ውጤቱን ለተማሪ ለማሳየት የትምህርት ቤቱን ቅጂ መስተዋት ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፎት፣ የእረፍቱን ወራት ሙሉ እዚያው ረስቶት ኖሯል። የሰሌዳው ክፈፍ ጥላ የጣለበት ዳሩ ተረፈ፤ ፀሐይ ያረፈበትን መሃሉን ፀሐይ በላው። የበላቸውም ዓምዶች ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ናቸው፤ ሥልጠናው ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው እነሱኑ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መጣ፣ አየው፣ አገጩን አከከ። «ድምሩ አለ አይደል? ከድምሩ የሌሎቹን ቀንሺና ጎደሎውን ሙዪው።»

«የሁለቱን አንድ ላይ ያወጣልኛል። ስንቱ የባዮሎጂ፣ ስንቱ የኬሚስትሪ እንደሆነ ማን ይነግረኛል?»

«ለሁለት ክፈዪዋ!»

«እርስዎ ደሞዝዎን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለጎረቤት ብሰጥብዎ ዝም ይላሉ?»

ሳቀና ሄደ። እሷ ግን የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ለትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት። ጉዳዩ፦ የሚነበብ የሮስተር ቅጂ ስለመጠየቅ። በአባሪው በተገለጸው ዓመት ከትምህርት ቤታችን ለጽሕፈት ቤታችሁ ከተላኩት ሮስተሮች የአሥረኛ ክፍል ምድብ ሁለትን በተመለከተ በእጃችን ያለው ቅጂ የመሃል ዓምዶቹ ደብዝዘው የማይነበቡ ስለሆነ፣ በእናንተ ዘንድ ከሚገኘው ቅጂ የተረጋገጠና የሚነበብ ግልባጭ እንዲላክልን እንጠይቃለን።» ርዕሰ መምህሩ ፈረመ፣ ማኅተሙ ጮኸ፣ ተላላኪው ወሰደው።

መልሱ ረቡዕ መጣ። ፖስታውን ስትከፍት እጇ ቸኮለ። ውስጡ ያለው ፎቶ ኮፒ ግን ፀሐይ የበላውንም የሚያስመሰግን ነበር፤ ግራጫ በግራጫ፣ እንደ ጭጋግ። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «በእጃችን ያለው ይኸው ነው» ይላል።

ማታ ያቺ የተበሳሳች እጅ ከዓይኗ አልጠፋ አለች። «በእጃችን ያለው ይኸው ነው» አለችው ለሬዲዮኑ። ሬዲዮኑ ስለ አየር ጠባይ አወራላት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አስፈቅዳ ራሷ ሄደች።

መዝገብ ቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ነው። ረጅም ክፍል፣ ጣሪያ የነካ መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንደኛው ወንበር ላይ ካርቶን ተደርድሯል። ሌላው ላይ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው በጨርቅ ፋይል ይወለውላል። እዚያ ሁሉም «ጋሼ አቧራ» የሚሉት ይህን ሰው ነው።

«ይህን የላኩልን እርስዎ ነዎት?» አለች ጭጋጉን ዘርግታ።

«እኔ ነኝ።»

«አንብበውታል?»

«ምኑን?» አለ አፍሮ።

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

ጋሼ አቧራ ተነሣ፣ ከመደርደሪያው አንድ ሣጥን ሳበ፣ ዋናውን ወረቀት አወጣ። እትዬ ማኅተም ጎንበስ አለች፤ ወገቧን ረሳችው። ቁጥሩ ቁልጭ ብሏል! በካርቦን የተቀዳ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ፀሐይ ያላየው፣ ምንም ያልጎደለው።

«ታዲያ ይሄ እያለ?»

«ማሽኑ ያረጀ ነው፤ ወይን ጠጁን አያነሣውም። ጨለማ ባደርገው ሁሉም ይጠቁራል፣ ብርሃን ባደርገው ሁሉም ይጠፋል።»

«በእጅ አይገለበጥም?»

«ይገለበጣል እንጂ። መመሪያው ግን አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ይፈርማሉ ይላል። እኔ ደግሞ...» እጁን ካርቶን ወደ ተደረደረበት ወንበር ዘረጋ። «ባልደረባዬ ጡረታ ወጣ። የሚተካው ይመጣል ተባለ። ይኸው እየመጣ ነው።»

«መቼ ነው የወጣው?»

«ያ ወንበር አቧራ ከለበሰ ወዲህ ካርቶን አስቀመጥኩበት። ባዶውን ሳየው ስለሚከፋኝ።»

እትዬ ማኅተም ወንበሩን አየችው። ከዚያ ሄደችና ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ መሬት ታወርዳቸው ጀመር።

«ኧረ እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልቀመጥ ነዋ!»

«እርስዎ እኮ ጠያቂ ነዎት! ጠያቂና ሰጪ በአንድ ወረቀት ላይ...»

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሄዱ፤ እትዬ ማኅተም የልጅቷን ምዝገባ ነገረቻቸው። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ፣ መመሪያውን ከፍታ፣ ጣቷን እያስሄደች አነበበች። «ሁለት ሠራተኞች ይላል። የአንድ ቢሮ ናቸው አይልም» አለች። «ግን ጋሼ ያንብቡ፣ እርስዎ ይጻፉ፤ ዋናውን እርስዎ እንዳይዙት። ሲጨርሱ እኔ ራሴ ከዋናው ጋር አመሳክሬ ነው የማትመው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን አልኖርም፤ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ የለም።»

ተቀመጡ። ጋሼ አቧራ ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የልጅቷን ረድፍ ብቻ እናውጣ?»

ያ ብቻ በቂ ነበር። ትራንስክሪፕቱ የሚፈልገው እሱን ነው፣ በሩብ ሰዓት አልቆ እሷም በጊዜ ቤቷ ትገባ ነበር። ቤቷ! እትዬ ማኅተም እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ደብዳቤው የጠየቀው ሮስተሩን ነው» አለች። «የቀሩትም ልጆች ነገ ዛሬ ይመጣሉ። የእሷን እናስቀድም፣ ከዚያ ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«ምን የሚጠብቅዎ አለ?»

«እኔን?» አለና ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ። «ማንም።»

የልጅቷን ረድፍ በጣቱ ጠቁሞ «ሒሳብ፣ ስድሳ ስምንት» አለ።

«ስድሳ ስምንት» አለች እየጻፈች።

«ባዮሎጂ፣ ሰማንያ አንድ።»

«ሰማንያ አንድ። ጎበዝ ልጅ!»

«ኬሚስትሪ፣ ሰባ ሦስት።»

«ሰባ ሦስት።»

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የሚያነብ ይላል፣ የሚጽፍ መልሶ ይላል፣ የሚያነብ ይሰማል። ስሕተት እንዳይገባ ነው። እትዬ ማኅተም ግን በሌላ ነገር ተገርማ እጇ ቆመ። አንድ ነገር ስትናገር ከወዲያ የሚሰማ ሰው ካለ ስንት ጊዜው? ሬዲዮኑ ይላል፣ እሷ ትመልሳለች፤ የመለሰችውን ግን ሬዲዮኑ ሰምቶ አያውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በክንዷ ጠረገችው።

«አቧራ ነው?» አለ ጋሼ አቧራ።

«የእርስዎ አቧራ ነው» አለችው።

እየተባባሉ ወረዱ። የማያውቋቸው ልጆች በክፍሉ ውስጥ አንድ በአንድ ተጠሩ። አንዱ በስፖርት ብቻ መቶ አምጥቷል፤ «ይሄ አሁን የት ይሆን?» አለ ጋሼ። «እየሮጠ ይሆናል» አለች። አንድ ረድፍ ላይ ድምሩ አልገጠመም። ደግመው ቢያነቡ ጋሼ አቧራ ሃምሳ አንዱን ሃምሳ ሰባት ብሎት ነበር። አርመው ጎኑ ላይ ሁለቱም ፈረሙ።

ኃላፊዋ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም የመጨረሻው ረድፍ እየተጻፈ ነበር። ቁጭ ብላ ዋናውን ከግልባጩ አመሳከረች፤ ሰዓቷን አንዴ፣ ሁለቴ አየች፤ ቢሆንም አንድም ረድፍ አልዘለለችም። «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከሥሩ ሁለት መስመር፦ ያነበበ፣ የጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ማኅተማቸው ለስላሳ ነው፣ ምንም አይጮኽም። እትዬ ማኅተም በልቧ «እፍ አላሉበትም» አለች፤ አልተናገረችም እንጂ።

ሲወጡ ጋሼ አቧራ ካርቶኖቹን ከመሬት አነሣ። ወንበሩን አየው፣ ካርቶኖቹን አየ፣ ወደ ጥግ ወስዶ አስቀመጣቸው። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

ያን ማታ እትዬ ማኅተም ሬዲዮ አልከፈተችም። ቤቱ ያው ሰፊ ነው፤ ዝምታውም ያው ነው። እሷ ግን ራት እያቀረበች «ሰማንያ አንድ» አለች ለራሷ፣ ጆሮዋም የሚመልስ ሰው ጠበቀ። ማንም አልመለሰም። በዕድሜዋ እንደዚያ ማታ ብቸኝነቷ ጎልቶ ታይቷት አያውቅም፤ እንደዚያም ነገ እስኪነጋ ቸኩላ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ትራንስክሪፕቷን ወሰደች። ከሰዓት በኋላ በቀዳዳዋ እጅ አልገባም፤ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ሙሉ ሰውነቷን ይዛ ገባች፣ እያለከለከች።

«ተመዘገብኩ እትዬ! ባዮሎጂሽ ጥሩ ነው አሉኝ!»

አቅፋት ወጣች። እትዬ ማኅተም የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠች። «ለትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት። ጉዳዩ፦ የተላከልን ግልባጭ መድረሱን ስለማሳወቅ።» ተላላኪው እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣ ይሄን እኔው አደርሰዋለሁ» አለችው ሻርፗን እየጠመጠመች። «መንገዴ ነው።»

ቤቷ በሌላው አቅጣጫ ነው! «መንገዴ ነው» ስትል ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። በሉ እኔም ልሂድ፤ የልጅቷ አክስት ልብስ ስፌት ቤቷን ሳትዘጋ ምሥራቹን ይዤ ልድረስባት። ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ እኔ በአቋራጩ ብሮጥ እቀድማታለሁ።