ያቺ ሴትዮ ልጄ አይደለችም

ልጄ ሞጣ አማርኛ ታስተምራለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቢቸና ልጅ ነበር፤ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጭምት ሰው። ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ እጇን እንደያዘ አረፈ። እኔም ግርጌው ቆሜ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ በኋላ የሚመጣውን ነገር ሰው ከዚህ ጋር እንዲያስተያየው ብዬ ነው።

አንዲት ሴት ልጅ ትቶላት ሄደ። ልጅቷ ክረምት ሲገባ ቢቸና በአባቷ ወላጆች ቤት ትከርማለች፣ መስቀል ሲያልፍ ለትምህርቷ ትመለሳለች። የሟች ልጅ የአባቱን ደጅ እንዳይረሳ ነው፤ ደግ ልማድ ነው። ዘንድሮ ግን አልመለሷትም። ያስቀራት ግጥም ነው።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል መምህራኑ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት አድርገው ነበር። እዚያ ላይ ልጄ ቆማ አንድ መነባንብ አነበበች። የምትናገረው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልታጽናናት ለመጣች ጎረቤት ነው የምትናገረው። ጎረቤቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አትተነፍስም። እንዲህ የሚል አለበት፦

ውሃ አምጪልኝ አለኝ፣ ሄድኩለት ቸኩዬ፣
ጎረቤቴን ስሜ፣ ነጠላ አስተካክዬ፤
ነጭ ኩባያው ሞልቶ፣ ሲፈስ እያየሁት፣
በሩጫ ተመለስኩ፣ ሞት ቀድሞኝ አገኘሁት።

አንዱ በስልክ ቀረጸው። እንግዲህ የዛሬ ስልክ መቼ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ በክረምቱ ጭቃ መኪና ሲያቅተው ግጥሙ ቢቸና ገባ።

መስቀል አልፎ ልጅቷ ስትቀር ደወልን። የልጄ አማት፣ የልጅቷ አያት፣ «ባሏን በውሃ ጥም የገደለች ሴት የልጄን ልጅ አታሳድግም» ብሎ ዘጋው። ልጄ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ሳልገፋበት የቀረሁ ሰው ነኝ። «ልጄ፣ ‘እኔ’ ትላለች እኮ» አልኳት። «ያነበብሽው አንቺ፣ የጻፍሽው አንቺ። ታዲያ እኔ የምትለው ማን ናት?»

«ተናጋሪዋ ናት፣ አባዬ። እኔ ገጣሚዋ ነኝ። ሁለት ሰዎች ነን።» ከዚያ ለተማሪ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «እንዲህ ያለ ግጥም ስናነብ መጀመሪያ ማን ይናገራል፣ ለማን ይናገራል፣ የት ሆኖ ይናገራል እንላለን። ቀጥሎ ሳያውቀው ምን አመለጠው ብለን እንጠይቃለን። ሴትዮዋ ‘ቸኩዬ’ ትላለች። ጎረቤት የሚስም፣ ነጠላ የሚያስተካክል፣ ኩባያ ሞልቶ ሲፈስ ቆሞ የሚያይ ሰው ቸኩሏል?»

«አልቸኮለም።»

«እሷ ግን ቸኩያለሁ ብላ ታምናለች። መዘግየቷን አንተ አወቅህባት። ማን አሳየህ?»

«አንቺ» አልኳት።

«እኔ ከኋላዋ ቆሜ በራሷ አፍ አጋለጥኳት። እኔና እሷ አንድ ብንሆን ኖሮ ‘ቸኩዬ’ የሚለው ንስሐ ይሆን ነበር፣ ወይ ውሸት። ሁለት ስለሆንን ግን ራሷን ስለምታታልል ሴት የተሠራ ሥዕል ነው። ሁለታችንን ያምታታ ሰው ግጥሙን አላነበበም፣ እኔን ነው ያማኝ።»

ገባኝ። ያኔ ከገባኝ ሌላው ሰው ሁሉ የሚገባው መሰለኝ።

«ኩባያውስ?» አልኳት። ነጩ፣ ጠርዙ ሰማያዊው ኩባያ የባሏ ነበር፤ ከእናቱ ቤት ያመጣው።

አቀረቀረች። «ኩባያው የሱ ነው። ከቤቴ ዕቃ ወስጄ ላልነበረች ሴት ሰጠኋት። ግጥም ሲጻፍ እንዲህ ነው፣ አባዬ፤ ዕቃው የራስ ይሆናል፣ እጁ የሌላ። ‘ባሏን በላች’ እየተባለ ሲወራብኝ ሰማሁ። እውነት የበላች ብትኖርስ ምን ትል ይሆን ብዬ ነው የጀመርኩት።»

ሽማግሌ ይዘን ቢቸና ወረድን። በልጄ አማት ግቢ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። በመካከል የቅኔ መምህር የነበሩ አንድ የኔታ አሉ፤ ቃላቸው የሚከበር። ስልኩ ተከፍቶ ግጥሙ ተሰማ። የሟች እናት ኩባያው ላይ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

የተማርኩትን እንዳለ አልናገረውም፤ አፌ አይችለውም። ከምናውቀው ላምጣው ብዬ ተነሣሁ። «አልቃሽ ለቅሶ ላይ በሟች አንደበት ሙሾ ታወርዳለች» አልኩ። «‘እናቴ ሆይ፣ አትጠብቂኝ፣ ቤቴ አፈር ሆነ’ ትላለች። አልቃሽዋን ‘አንቺ ሞተሻል፣ እንቅበርሽ’ ያላት አለ? አንደበቱ የሷ ነው፣ ‘እኔ’ የሚለው ግን ሟች ነው። የልጄም ነገር ይኸው ነው።»

የዳንኩ መሰለኝ።

የኔታ ጺማቸውን እየነኩ፣ «መልካም ተናግረሃል» አሉ። «ነገር ግን አልቃሽዋ ስታወርድ ሟቹ ፊታችን ተጋድሟል። ማን እንደሆነ እናውቃለን። ልጅህ የምትናገርላት ሴት የት ናት? ስም የላት፣ አገር የላት፣ መቃብር የላት። እኛ የምናውቀው አንድ ሟች፣ አንድ ሚስት፣ አንድ ኩባያ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ‘ላዩን ትታችሁ ውስጡን ቆፍሩ’ ስል ኖሬአለሁ። ስቆፍር የማገኘው ልጅህን ነው።»

የልጄ አማትም፣ «ቆማ የነገረችንን ጠበቃ ሆነህ አትካድላት፣ ወንድሜ» አለኝ። «አንተማ ጅብ በግ በላሁ ቢል ‘በላሁ ያለው ሌላ ጅብ ነው’ ትላለህ!» ጥቂቶች ሳቁ። እኔም አፍሬ ሳቅ አልኩ፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያንገበግበኛል።

የኔታ ግን አልሳቁም፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን በቀላል ሊጨርሱት ወደ ልጄ ዞሩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር በይና ይብቃ። ‘ቃሉ የኔ አይደለም፣ ከሌላ የወሰድኩት ነው’ በይ። ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ሁሉም ወደ እሷ ተመለከተ። እኔ በሆዴ፣ በይው ልጄ፣ በይው አልኩ። ልጅቷ ከጓዳው በር ሆና ጫማዋን አጥልቃ ትጠብቃለች፤ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ነው።

ልጄ ተነሣች። «የኔታ፣ ቃሉ የኔ ነው፤ እያንዳንዱን መርጬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ግን እኔ አይደለሁም።»

ከዚህ ሁሉ ዐረፍተ ነገር የተሰማው «ቃሉ የኔ ነው» ብቻ ነው። የሟች እናት «ኡ» ብላ ተነሣች። ቀሪውን የሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አባት ነኝ፣ ምስክርነቴ አይቆጠርም። «ሁለት ነገር ነው የተናገረችው!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ለራሱ ይነጋገር ነበር። ነገሩ እስኪጣራ ልጅቷ እዚያው ትቆይ ተባለ። ምን እንደሚጣራ፣ በምን እንደሚጣራ አልተነገረንም።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ዋሽተሽ ብትወጪስ?» አልኳት። ስል ራሴም ደነገጥኩ።

«ቃሉ የኔ አይደለም ብዬ ልጄን ባመጣ፣ ነገ ‘ታዲያ ማን አስጻፈሽ’ ይሉኛል» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጉንደ ወይን ከተማን ካለፍን በኋላ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አየሁ። ፍርድ ቤት ሂጂ የሚሏት አሉ። እሷ ግን «ልጄ፣ እናቷ አያቶቿን ከሳ ትደግ ወይ?» ትላለች፤ እስካሁን አልሄደችም።

እኔ በገበያ ቀን ቢቸና እወርዳለሁ። አልከለከሉኝም፤ ከዋርካው ሥር ያስቀምጡኛል። ባለፈው ልጅቷ ጭኔ ላይ ወጥታ እንደ ወትሮው፣ «አባባ፣ ጅቡን ሁን» አለችኝ። ድምፄን አጎርንኜ፣ «እኔ አያ ጅቦ ነኝ፣ ዛሬ ማንን ልብላ?» አልኳት። እየሳቀች አፌን በሁለት እጇ ዘጋችው። አያቷ ከበረንዳው ሆና ስታይ ነበር፤ እሷም ፈገግ አለች። ማንም ጅብ ነው ብሎ በሩን አልዘጋብኝም።

ልናገር አስቤ ነበር። ይኸው፣ እዩት፣ ልል ነበር። ግን አያቷ ፈገግታዋን ቶሎ ሰበሰበችና፣ «ነይ፣ ግቢ፣ ይበቃል» ብላ ልጅቷን ጠራቻት። ልጅቷ ከጭኔ ወረደች። እኔም ዱላዬን አንሥቼ መኪናው ሳይሞላ ልድረስ ብዬ ወጣሁ።