ያልታየው ሳህን
ባልደረባው የላቦራቶሪው ኃላፊ ልትሆን ነው ከተባለ ወዲህ፣ የውሃ መርማሪውን ቅናት አንጀቱን በልቶ ጨርሶ ወደ ጉበቱ ተሻግሯል። ዛሬ ግን እሷ ከምትቆጣጠረው ጉድጓድ የተቀዳው ናሙና፣ ጀርም በሚያበቅለው ማሞቂያ ውስጥ ሳህን ላይ አድሮ ሰማያዊ ነጠብጣብ አብቅሎ አገኘው። ሳህኑን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ወደ አለቃው በረረ።

«ጋሼ፣ የእመቤቲቱ ውሃ ሰገራ ገብቶበታል!»

«ነጠብጣቡ ራሱ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ግን ሰገራ በገባበት በሽታም ይገባል» አሉ አለቃው። «ለመሆኑ ለማመሳከሪያ፣ ናሙናውን ባጣራህበት በዚያው ማጣሪያ ያሳለፍከው ንጹህ ውሃስ?»

ከችኮላው የተነሳ የንጹሁን ውሃ ሳህን አላየውም ነበር። ሲያመጣው አምስት ሰማያዊ ነጠብጣቦች አፈጠጡበት።

«እንግዲህ ቆሻሻው ከጉድጓዱ ይሁን ካንተ እጅና ማጣሪያ አይታወቅም። ናሙናው እንደገና ይቀዳ፤ እስከዚያ ሰዉ አፍልቶ ይጠጣ። ማጣሪያውን ደግሞ እሷ ትቀቅልልህ፤ አጠገቧ ቆመህ ተማር።»

ማጣሪያው በፈላ ውሃ፣ እሱ በቅናቱ ሲቀቀሉ ዋሉ።