ባለ አልማዙ እንደሚያወሩት

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የወረቀት አያያዛቸውን ነው። ሰው ወረቀት ሲያቀብል አጋድሞ ነው። የእናቴ አጎት ግን ክምሩን በጠርዙ አቁመው፣ ከታችና ከጎን በመዳፋቸው ደግፈው፣ በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስታወት ቆራጭ ነበሩ። ሰፊ መስታወት አጋድመው ከያዙት በራሱ ክብደት ይሰበራል፤ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ወረቀት እንደማይሰበር እጃቸው ገና አልሰማም።

«ያው ሕይወቴ» አሉና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ከጠበቅኩት ቀለለኝ።»

ጡረታ ከወጡ ወዲህ በእርሳስ የጻፉት ትዝታ ነው። አራት ነጥብ በዘፈቀደ የተጣለበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላ፣ አንቀጽ የሌለው።

«አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ግጥም ተምረህ መጥተሃል። ፊደሉን አቃናልኝ። እኔን ተወኝ፤ እኔ በዚህ ዕድሜ አልቃናም።»

«ለማን ነው አባባ? ለልጆቹ?»

«ልጆቹማ ይሰለቻቸዋል። ለእሷ ነው።»

እሷ ማለት ባለቤታቸው ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ሰው መርሳት ጀምረዋል። የአባባን እጅ ቢነኩት የእንግዳ እጅ ይመስላቸዋል። ድምፃቸውም ቢሆን የሳንባ በሽታ ወደ ፉጨት ለውጦታል። እማማ ባላቸውን የሚያውቁት አባባ ሲያወሩ ነው፤ በወሬያቸው አካሄድ፣ በቀልዳቸው አወራወር። አባባ ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ትንፋሽ የላቸውም። ሦስተኛው ላይ ሳል ይይዛቸዋል።

«አንተ ታነብላታለህ። እኔ ካለፍኩ በኋላም የሚያወራት እንዲኖር ነው» አሉ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገሩት።

ሥራውን በጉጉት ጀመርኩ። በየገጹ ይገርመኝ ነበር። ስለ ጋብቻቸው እንዲህ ይላል፦

«ምን አለፋሽ አልማዝ አለው ብለው ዳሩሽ። አልማዙ መቁረጫዬ ጫፍ ላይ የተሰካችው ናት የምስር ሩብ አታክልም እሷም የአሠሪዬ ናት። አሳየሁሽ። እንኳን ጣቴ ላይ ዓይኔ ውስጥ ብትገባም አልሰማት አልሽኝ። ላብ አጠመቀኝ። ምን አለፋሽ እስከ ዛሬ ባለ አልማዙ ይሉኛል።»

ይህን ወድጄው፣ ወዲያው አበላሸሁት። «በእጄ የነበረችው አልማዝ ከጤዛ ጠብታ ታንስ ነበር፤ በሙሽራዬ ዓይኖች ውስጥ ግን ንጋት ተሰብሮ አየሁ» ብዬ ተየብኩ። «ምን አለፋሽ» በየመስመሩ ሲመላለስ አረም መሰለኝ፤ ነቀልኩት። የአንድ ወንድ ልጃቸው ሞት ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ደግሞ አዘንኩላቸውና ሙሉ ገጽ አለቀስኩላቸው።

ስጨርስ ለአባባ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔ ነኝ ይሄ? አንተ፣ ጎረምሳ አደረግከኝ እኮ!»

«ወደዱት?»

«እንዴት አልወደው? ቶሎ እንሂድ። ትስማው።»

እማማ መስኮቱ ሥር፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። አባባ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ሆነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ይጠብቁ ጀመር። አነበብኩ። ጤዛውን፣ ንጋቱን፣ ሁሉንም። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ደህና ሰው ይመስላል። ሚስቱ ታድላለች። በሕይወት አለች?»

አባባ ወለሉን ያዩ ነበር። እኔ ወረቀቱን አጣጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት።

በረንዳው ላይ ስንወጣ «ይቅርታ አባባ» አልኳቸው።

«የምን ይቅርታ ነው? እኔም ወድጄው የለ እንዴ? ሁለታችንም አማረን።» ሳል አቋረጣቸው። «እንደገና እንሥራዋ። ትንፋሽ ሳለኝ።»

እንደገና መሥራቱ ከባድ ሆነ። ጽሑፉን እንዳለ ሳልገለብጥ እያሳመርኩ ስለተየብኩት፣ ኮምፒውተሬ ላይ የእሳቸው ቃልና የእኔ ቃል ተደባልቋል። የኔን ሙሉ በሙሉ ትቼ ከእርሳሱ ጽሑፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከነስህተቱ፣ ቃል በቃል ገለበጥኩ። ቀጥሎ ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ አተምኩና፣ ጥያቄዬን ብቻ ጎን ላይ በእርሳስ እየጻፍኩ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ አጠገብ አብረን ተቀመጥን።

አንድ ዓረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ፤ ይነቀንቃሉ ወይም እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ትንፋሻቸው የቆመችበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ አደርጋለሁ። ፊደል አቃናለሁ።

«እዚህ ጋ ‹እሱ እሱን ሰደበው› ይላል። የትኛው እሱ ነው የሰደበው?»

«አሠሪዬ ነዋ ወንድሜን የሰደበው። ወንድሜ ቢሰድብማ ማን ይሰማዋል?»

«አሠሪዬ» ብለን አስገባን፤ ሌላ ሰው ሲያነበው እንዳይጠፋበት። ቤት የቀየሩበት ጊዜም ከልጃቸው መወለድ በፊት መሆኑን አስታወሱና ቦታውን ራሳቸው አዛወሩት። ከዚያ ውጭ ምንም አልነካሁም። «ምን አለፋሽ» ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ።

«ያቺን የጤዛዋን ግን ሳናወጣት ብንተዋት?» አሉ እየፈሩ።

«አይ፤ እሷ የኔ ናት አባባ።»

«ቆንጆ ነበረች» አሉ ለማጽናናት።

ከዚያ የልጃቸው ሞት ጋ ደረስን። የእኔ ሙሉ ገጽ ቅርጫት ውስጥ ነው። የእሳቸውን አነበብኩ፦

«ምን አለፋሽ፣ ልጁ ሞተ። በማግሥቱ ሆስፒታሉ ሄጄ የተኛበትን ክፍል የመስኮት መስታወት ገጠምኩ። ነፋስ ይገባ ነበር፤ ሌላ ልጅ ተኝቶበታል።»

«የጎደለ ነገር አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

የለውም በማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ሥራውን ስንጨርስ አባባ ከወንበር ወደ አልጋ በእኔ ትከሻ ነበር የሚሄዱት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሲሻላቸው «ዛሬ» አሉኝ። ተያይዘን እማማ ክፍል ገባን። አባባ ሲነኳቸው እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማነው?»

አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ማንበብ ጀመርኩ።

«ምን አለፋሽ፣ አልማዝ አለው ብለው ዳሩሽ።»

የእማማ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ እንኳ አይደለም፤ ወደ ወሬው ነው።

«አልማዙ መቁረጫዬ ጫፍ ላይ የተሰካችው ናት። የምስር ሩብ አታክልም፤ እሷም የአሠሪዬ ናት። አሳየሁሽ...»

«እንኳን ጣቴ ላይ» አሉ እማማ፣ «ዓይኔ ውስጥ ብትገባም አልሰማት!» ሳቃቸው ትራሱን ነቀነቀው። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ይቺን ወሬ አልጨረሳትም? ላብ በላብ ሆኖ ነበር እኮ፣ የኔ ምስኪን።»

አባባ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የኔም ዓይን ፊደሉን መለየት አቃተው።

«ወዴት ሄዶ ነው ግን?» አሉ እማማ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «መሽቷል። እራት እንኳ ሳይበላ።»

አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው የእማማን ጣት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እንደገና «ማነው?» እንዳይባሉ ይመስለኛል፣ መለሱት። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«ሥራ ላይ ናቸው እማማ።»

«እንግዲያው ይመጣል» አሉና ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አለሰለሱ።

አባባ ያንን ሲያዩ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። ልይዛቸው ስል እጄን ገለል አደረጉት። ተከትያቸው እስከ በሩ ሄድኩ። መተላለፊያው ላይ፣ ከጡረታ ወዲህ ከተሰቀለበት ያልወረደ አሮጌ የሥራ ካፖርታቸው ነበር፤ ኪሱ ጠርዝ ላይ የመስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ ደርቆበታል። ቀስ ብለው ለበሱት፤ ቁልፉንም እስከ ላይ ቆለፉ።

«የት ነው አባባ? ውጭ ብርድ ነው እኮ።»

«ከሥራ ልምጣላት» አሉ በዚያች በቀረቻቸው ፉጨት። «አንተ ወሬውን ያዝልኝ፤ እንዳትቋረጥ።»

በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየደገፉ፣ በየሁለት እርምጃው እየቆሙ፣ ወደ ውጭው በር ሄዱ።