ልጆቹ ጀርባ የሰጡት ንግግር

የስቱዲዮው ሰዎች በሌለችበት እሜቴ መቀስ ይሏታል። የካርቱን ፊልም ዳይሬክተር ናት። አንዴ የቆረጠችውን ትዕይንት መልሳ አታስገባም፤ አንዴ የናቀችውንም ሰው መልሳ አታከብርም። ያን ሰሞን ከሁሉ አብልጣ የናቀችው የፊልሙን ድርሰት የጻፈውን ሰው ነበር። ሊቁ ትለዋለች። ስሙን ያወጣችለት እንግዲህ ለአክብሮት አልነበረም።

ፊልሙ የአንዲት ኤሊና የጓደኛዋ የወፍ ታሪክ ነው። ሊቁ በኤሊዋ አፍ ስለ ትዕግሥት የሚያትት ረጅም ንግግር አስገብቶ "የፊልሙ ልብ" ይለዋል። እሷ ደግሞ "የፊልሙ ትራስ" ትለዋለች። ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሻት "በቃ፣ ልጆች ይፍረዱን" አለችው።

ቀለም ተቀብቶ፣ ተንቀሳቅሶ ካለቀ በኋላ መቁረጥ የስንት ሰው ድካም ገደል መክተት ነው። ስለዚህ ለልጆቹ የሚታየው አኒማቲኩ ነበር፦ የእርሳስ ስዕሎች በቅደም ተከተል ተደርድረው፣ እያንዳንዱ በፊልሙ ላይ የሚቆየውን ያህል እየቆየ፣ የስቱዲዮው ሰዎች ራሳቸው በቀዱት ጊዜያዊ ድምፅ የሚያልፍ ረቂቅ።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን የልጆች ክፍል ለመኑ። ወላጆቹ ፈቅደው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ። እሜቴ መቀስ ካሜራዋን ወደ ልጆቹ ፊት አዞረች። ሊቁ የገዛ ልጁን አንጠልጥሎ ከች አለ።

"ታሪኩን ታውቀዋለች?" አለችው።

"እንዴ! በቃሏ ነው የምትወጣው!"

"እንግዲያው ከኋላ አንተ ጋ ትቀመጥ። የሷ አይቆጠርም።"

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። "ፊልሙ ገና አላለቀም፤ ስዕሎቹ አይንቀሳቀሱም። ያልገባችሁ ነገር ካለ ጥፋቱ የኛ ነው፣ እሺ?"

ኤሊዋ ስትንከባለል ተንከተከቱ። ንግግሩ ሲጀምር አንዱ የጫማውን ተለጣፊ ማሰሪያ ጭርር እያደረገ ይልጥ ይለጥፍ ገባ። ሁለት ሴት ልጆች እርስ በርስ ፀጉር መጎንጎን ጀመሩ። አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን አየ። ሊቁ ከኋላ ብቻውን "እሰይ!" ይላል።

ፊልሙ እንዳበቃ ማንም ሳይጠራው ፊታቸው ተገተረ።

"ልጆች፣ ኤሊዋ የተናገረችው ደስ አይልም?"

"ይላላላል!" አሉ በኅብረት።

"ሰማሽ?" አላት።

"‘ዝሆን ይበራል አይደል?’ ብትላቸውም አዎ ይሉሃል። ዞር በልልኝ።"

ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ጥግ እየወሰደች "ፊልሙን ላላየ ጓደኛህ ንገረው ብልህ እንዴት ትነግረዋለህ?" እያለች ጠየቀች። ንግግሩን ያነሳ አንድም አልተገኘ። ጭራሽ የሊቁ ልጅ ከኋላ ሆና "አባዬ፣ እኔም እኮ ቤት ስታነብልኝ እዚያ ጋ ነው እንቅልፌ የሚመጣው" አለች። እሜቴ መቀስ በሰው ውርደት መደሰት ነውር መሆኑ ትዝ እንኳ አላላትም።

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። "ወፏ ሞተች" አለች አንዲቷ። "ሞተች" አለ ቀጣዩ። "ከዚያ ሌላ ወፍ መጣች።"

ወፏ ውሃ ፍለጋ ሄዳ ነው እንጂ አልሞተችም! ወፏ ትታት የሄደችው ባዶ ቅርንጫፍ፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ እሜቴ መቀስ በእጇ የሣለችውና ማንም እንዳይነካው የከለከለችው ትዕይንት ነበር። "ስዕሉ እርሳስ ስለሆነ ነው" አለች ለራሷ፤ ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ በሳቅ የምትገድለውን ሰበብ።

ስቱዲዮ ተመልሳ የቀዳችውን አየች። ቅርንጫፏ ስትታይ አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ባለው ቀልድ አንድም ልጅ አይስቅም። ለቅሶ ላይ ናቸው። "አየሽ፣ አንቺም ሊቅ ሆነሽልኛል" አለች ለራሷ፤ ከሰደበቻቸው ሰዎች ሁሉ ማንንም እንዲህ ከልቧ ሰድባ አታውቅም።

ንግግሩን ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር አወረደችው። ከባዶዋ ቅርንጫፍ በፊት ወፏ "ውሃ አምጥቼ መጣሁ!" ብላ ስትበርና ሰማዩ ላይ እያነሰች ስትሄድ የሚያሳዩ ስዕሎች ጨመረች። እየሣለች ተነጫነጨች፤ ማብራራት ትጠላለች።

ሁለተኛውን ሙከራ ፊልሙን ጨርሶ ላላዩ ሌሎች ልጆች አሳየች። በባዶዋ ቅርንጫፍ ጊዜ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ወፏ ብቅ ስትል "መጣች! መጣች!" ብለው ክፍሉን አናወጡት።

ሊቁ ደረቱን ነፍቶ ቀረባት። "አየሽ፣ ንግግሩ ሲያጥር ጉልበት አገኘ። ብዬሽ ነበር እኮ።"

ቀና ብላ አየችው። መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ይህን ሰው መስደብ እንኳ ድካም ሆነባት።

"ብለኸኛል" አለችው።

ለወላጆቹ ስለ ንግግሩ ሊያስረዳ ወጣ። እሷም እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የልጆቹን ፊት የቀዳችውን ወደ ኋላ መልሳ አየች። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ሦስት ልጆች አዛግተዋል። ዘፈኑን የጻፈችው ራሷ ናት። "ይቺን ደግሞ ተመልከቷት" አለች ስለ ራሷ፤ እርሳሷንም አነሳች።